ብርጭቆ በስንት ዲግሪ ልዩነት ይሰነጠቃል? በማኪያቶ ብርጭቆ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ስሌትና ሙከራ

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ካፌዎች ጓዳ የሚሰበረው ብርጭቆ ሁሉ ከእጅ ወድቆ አይደለም። አንዳንዱ ማጠቢያው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው "ጧ" ይላል። ሌላው ሻይ ሲቀዳበት ቂጡ እንደ ክዳን ተገምጦ ይቀራል። ሁለቱም የሙቀት ስብራት ናቸው፤ ግን ምክንያታቸውም ገደባቸውም አንድ አይደለም። ይህ መመሪያ በእጅዎ ያለው ብርጭቆ ስንት ዲግሪ ልዩነት እንደሚችል በወረቀት እንዴት እንደሚገመት፣ ከዚያም በድስትና በባልዲ እንዴት እንደሚረጋገጥ ያሳያል። የሚያስፈልገው 0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ የምግብ ቴርሞሜትር፣ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽርና ለመስበር የማይሳሱላቸው አሥር ያህል ብርጭቆዎች ናቸው።

መጀመሪያ፦ ማን ማንን ይስባል?

ብርጭቆ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሁሉም ክፍሉ እኩል ቢሞቅ አንዳች ነገር አይደርስበትም። ችግሩ ሙቀትን በዝግታ ስለሚያሳልፍ አንዱ ገጽ ሲሞቅ ሌላው ገና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። የሞቀው ልስፋ ይላል፣ የቀዘቀዘው አይለቀውም፤ ስለዚህ የሞቀው ይጨመቃል፣ የቀዘቀዘው ይወጠራል። ብርጭቆ ቢጨምቁት ብዙ ይችላል። ሲወጠር ግን ገጹ ላይ ካለ ትንሽ ጭረት ተነስቶ ይቀደዳል።

ከዚህ አንድ ነገር ይያዙ፤ ሁልጊዜ የሚወጠረው ቀዝቃዛው ጎን ነው። ፈላ ያለ ውሃ ከውስጥ ሲቀዳ የሚወጠረው የውጭው ገጽ ነው። ትኩስ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ደግሞ የሚወጠረው ያው ውሃው የነካው ገጽ ነው። የኋላው ለምን እንደሚብስ ቁጥሩ ሲሠራ ይታያል።

ደረጃ 1፦ የብርጭቆውን ዓይነት መለየት

የመስኮት መስታወት፣ የለስላሳ ጠርሙስና አብዛኛው የሻይ ብርጭቆ ሶዳ ላይም የሚባለው ነው። የላቦራቶሪ ዕቃና አንዳንድ የቡና ማንቆርቆሪያ ቦሮሲሊኬት ነው፤ እሱ ሲሞቅ የሚሰፋው የሶዳ ላይምን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በዓይን አይለዩም፣ በእፍግታ ግን ይለያሉ፤ ሶዳ ላይም 2.5፣ ቦሮሲሊኬት 2.23 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር።

አለካኩ እንዲህ ነው። ደረቁን ብርጭቆ መዝነው ይጻፉ። ውሃ የያዘ ሰፊ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ብርጭቆውን በክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ይንከሩት፤ የዕቃውን ወለልም ግድግዳም እንዳይነካ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ብርጭቆው የገፋውን ውሃ ክብደት ነው፤ ያም በግራም ሲነበብ የብርጭቆው ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ማለት ነው። ደረቅ ክብደቱ 148.0፣ የተነከረው ንባብ 59.4 ቢሆን፣ 148.0 ሲካፈል ለ59.4፣ 2.49 ይሆናል፤ ሶዳ ላይም ነው። ውስጡ ወይም ቂጡ ስር የአየር አረፋ ከቀረ ንባቡ ከፍ ስለሚል ሶዳ ላይሙን ቦሮሲሊኬት ያስመስልብዎታል። ብርጭቆውን አዘንብለው አረፋውን ያስወጡ።

እፍግታ የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ፤ ብርጭቆው የተጠናከረ መሆን አለመሆኑን። የተጠናከረ ብርጭቆ በፋብሪካ አሙቀው ገጹን በፍጥነት ያቀዘቀዙት ነው፤ ገጹ ሁልጊዜ ተጨምቆ ይኖራል። ይህን ለማየት የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርገው ብርጭቆውን ፊት ለፊቱ ይያዙ፣ በፖላራይዝድ መነጽር ይመልከቱ፣ መነጽሩን ስክሪኑ እስኪጨልም ያዙሩት። ተራ ብርጭቆ ከስክሪኑ ጋር አብሮ ይጨልማል። የተጠናከረው በጨለማው ውስጥ ብሩህ ጅራቶችና ጥላዎች ያሳያል። ሲሠራ በደንብ ቀስ ተብሎ ያልቀዘቀዘ ርካሽ ብርጭቆም ብርሃን ያሳያል፣ ግን በተለይ ቂጡ አካባቢ ተዘበራርቆ። እንዲህ ያለውን ለትኩስ ነገር ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ መነሻ ስሌት

ገጹ ባንዴ ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ ብርጭቆው የሚችለው ከፍተኛ የሙቀት ልዩነት ይህ ነው፦

```
ΔT = σ (1 − ν) / (E α)
```

σ ብርጭቆው ሲወጠር የሚችለው ጥንካሬ ነው። E ግትርነቱ፣ α በአንድ ዲግሪ የሚሰፋበት መጠን፣ ν ደግሞ በአንድ በኩል ሲሳብ በጎን የሚጠብበት ምጥጥን ነው። ለሶዳ ላይም E 70,000 ሜጋ ፓስካል፣ α 9 በሚሊዮን፣ ν 0.22 ይያዙ። እነዚህን ሲያስገቡ እያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 0.81 ሜጋ ፓስካል ውጥረት ይፈጥራል። ለቦሮሲሊኬት ያው ስሌት 0.26 ብቻ ይሰጣል። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከα የመጣ ነው፤ ቦሮሲሊኬት ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን ብዙ ስለማይሰፋ ነው የሚተርፈው።

አስቸጋሪው σ ነው፤ ምክንያቱም የብርጭቆ ጥንካሬ የሚወሰነው በጭረቱ ጥልቀት ነው። ረዘም ያለ ጭረት ያለበትን ገጽ በዚህ ይገምቱ፦

```
σ = 0.75 / (1.99 √c)
```

c የጭረቱ ጥልቀት በሜትር፣ መልሱ በሜጋ ፓስካል ነው። 0.05 ሚሊሜትር ጭረት 53 ሜጋ ፓስካል ያስችላል፤ በ0.81 ሲካፈል 65 ዲግሪ። 0.1 ሚሊሜትር፣ የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው፣ 38 ሜጋ ፓስካል ወይም 47 ዲግሪ። ሩብ ሚሊሜትር ከደረሰ 24 ሜጋ ፓስካል ወይም 30 ዲግሪ ብቻ። በጠርሙስ ፋብሪካዎች የተለመደው የሙቀት ፈተና 42 ዲግሪ ልዩነት መሆኑ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ጭረት የት እንዳለ ለማወቅ ብርጭቆውን ወደ መብራት አዘንብለው ጥፍርዎን ያስኪዱበት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ሩብ ሚሊሜትር ብለው ያስሉ፤ ቢበዛ ይሻላል። ማንኪያ ሲያማስል የሚመታው የውስጥ ቂጥና ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ ሲደረደር የሚፋጭበት የውጭ ቀለበት ብዙ ጊዜ የከፉት ቦታዎች ናቸው። ያደፈን ብርጭቆ በአሸዋ መፈተግ ይህንኑ መላ ገጹ ላይ ማድረግ ነው።

የተጠናከረ ብርጭቆ ከሆነ ውጥረቱ መጀመሪያ ገጹ ላይ ያለውን ጭመቃ ማሸነፍ አለበት። ጭመቃው 80 ሜጋ ፓስካል ቢሆን፣ 38 ሲደመር 80፣ 118፤ በ0.81 ሲካፈል 146 ዲግሪ ይሆናል። ግን የተጨመቀው ንብርብር ከውፍረቱ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ጭረት ከዚያ ካለፈ ብርጭቆው አይሰነጠቅም፣ እንደ ጨው ይበተናል።

ደረጃ 3፦ ሙቀቱ በምን ፍጥነት ገባ?

የላይኛው ስሌት ገጹ በቅጽበት የውሃውን ሙቀት እንደያዘ ይቆጥራል። እውነቱ ግን እንዲያ ስላልሆነ ስሌቱ ከሚገባው በላይ ያስፈራራል። ለማረም የባዮ ቁጥር የሚባለውን ያውጡ፦

```
Bi = h L / k
f  = 1 / (1.5 + 3.25/Bi − 0.5 e^(−16/Bi))
```

k የብርጭቆው ሙቀት አስተላላፊነት ነው፤ 1 ብለው ይያዙት። L የግድግዳው ውፍረት በሜትር ነው፣ ሙቀቱ ከአንድ ጎን ብቻ ሲገባ። h ደግሞ በዙሪያው ያለው ነገር ሙቀት የሚያቀብልበት ወይም የሚነጥቅበት ፍጥነት ነው፤ ለአየር 10፣ ለሚቀዳ ትኩስ ውሃ 1,000፣ ከቧንቧ በኃይል ለሚፈስ ውሃ 2,000፣ ብርጭቆ ላይ ወደ ውሃ ለሚለወጥ እንፋሎት 5,000ና ከዚያ በላይ። እነዚህ የግምት ቁጥሮች ናቸው፤ እጥፍ ወይም ግማሽ ቢሆኑ አይገረሙ። f በቀጥታ የተነካው ገጽ ላይ ከሙሉው ውጥረት ስንት እጅ እንደሚደርስ ይነግራል። በሌላኛው ጎን ለሚፈጠረው ውጥረት የfን ግማሽ መውሰድ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ለአየር ሞክሩት፤ 3 ሚሊሜትር ግድግዳ፣ Bi 0.03፣ f ከ0.01 በታች። 85 ዲግሪ የሞቀ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ቢተዉት ግማሽ ሜጋ ፓስካል እንኳ አይሞላም። ትኩስ ብርጭቆ ለብቻው ሲቀዘቅዝ የማይሰበረው ለዚህ ነው።

አንድ ብርጭቆ እስከ መጨረሻው ሲሰላ

ብርጭቆው ሶዳ ላይም፣ ያልተጠናከረ፣ ግድግዳው 3 ሚሊሜትር፣ ቂጡ 8 ሚሊሜትር ነው እንበል። የውስጥ ቂጡ ማንኪያ የሠራው፣ የውጭ ቀለበቱም መደርደር የሠራው፣ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አለባቸው፤ ስለዚህ በሁለቱም ቦታ ጥንካሬው 24 ሜጋ ፓስካል። ጠዋት ነው፤ ብርጭቆውም የቧንቧ ውሃውም 15 ዲግሪ ናቸው። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ጋር ሲተያይ ስምንት ዲግሪ በነፃ አግኝተናል።

ሻይ ሲቀዳ ልዩነቱ 77 ዲግሪ ነው። ለግድግዳው Bi 3 ነው፣ f 0.39፤ በውጭው ገጽ ግማሹ 0.2 ያህል። 0.81 ሲባዛ በ77 ሲባዛ በ0.2፣ 12 ሜጋ ፓስካል ተኩል ገደማ። ከ24 ብዙ ይርቃል፤ ግድግዳው ይተርፋል። ለቂጡ ግን Bi 8፣ f 0.54፣ ግማሹ 0.27፤ ውጥረቱ 17 ይሆናል። ቀጭኑ ግድግዳ ከወፍራሙ ቂጥ የሚገናኝበት ቀለበት ላይ ደግሞ ቀጭኑ ቀድሞ ሞቆ ሲሰፋ ወፍራሙ ይጎትተዋል፤ እዚያ አንድ ተኩል እጥፍ ቢጨምር 25 ደረሰ። ቂጡ ተገምጦ የሚወድቀው በዚህ ነው። ወፍራም ብርጭቆ ለትኩስ ነገር ይበረታል የሚለው ልማድ የተገላቢጦሽ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ጉዳይ እንይ። ያው ብርጭቆ ከማጠቢያ ማሽን 85 ዲግሪ ሞቆ ወጣ፣ ወዲያው ቧንቧ ስር ተያዘ። ልዩነቱ 70 ነው፣ ከቀድሞው ያንሳል። ግን h 2,000 ስለሆነ Bi 6፣ f 0.5 ነው፤ የሚወጠረውም የተነካው ገጽ ራሱ ስለሆነ ግማሽ አይደረግም። 0.81 ሲባዛ በ70 ሲባዛ በ0.5፣ 28 ሜጋ ፓስካል። በቀጭኑ ግድግዳ ላይ እንኳ ከሻይ መቅዳቱ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ውሃው የሚያርፈውም ማንኪያ የጫረው ቦታ ላይ ነው። ይህ ብርጭቆ ይሰነጠቃል።

ወደ ኋላ ብንሠራው፣ 24 ሲካፈል ለ0.81 ሲካፈል ለ0.5፣ 59 ዲግሪ ይመጣል። ለጥንቃቄ ስድስት አሥረኛውን እንወስዳለን፤ 35 ዲግሪ። ውሃው 15 ከሆነ ብርጭቆው ከ50 በታች መውረድ አለበት ማለት ነው። 150 ግራም የሚመዝን ብርጭቆ ከ85 ወደ 50 ለመውረድ በክፍት አየር ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል። ቴርሞሜትር ከሌለ፣ በባዶ እጅ ጨብጠው ያለ ችግር ማቆየት ከቻሉ ከ50 በታች ነው።

ማንኪያ ጣል አድርጎ መቅዳት ያድናል ስለሚባለውም ቁጥሩ ይናገር። 25 ግራም ማንኪያ ከ100 ሚሊሊትር ሻይ የሚወስደው ሙቀት ሻዩን ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ያወርዳል። የሚረዳ ከሆነ የውሃውን ዥረት ሰብሮ አንድ ቦታ ላይ እንዳይወርድ በማድረጉ ነው። ከዚያ የሚሻለው ጥቂት ትኩስ ውሃ አስቀድሞ ጨምሮ ብርጭቆውን ማዟዟር ነው፤ ብርጭቆው 40 ዲግሪ ከደረሰ ልዩነቱ ከ77 ወደ 52 ይወርዳል።

ደረጃ 4፦ ግምቱን መሞከር

ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ተመሳሳይ ጊዜ ያገለገሉ አሥር ብርጭቆዎች ይውሰዱ። አዲስና አሮጌ አይቀላቅሉ፣ ውጤቱ ምንም አይነግርዎትም። የዓይን መከላከያና ወፍራም ጓንት ያድርጉ።

1. ሃያ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ያዘጋጁ፣ ሙቀቱን ይጻፉ። ብዛቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አምስት ትኩስ ብርጭቆ ቢገባበት እንኳ የሚሞቀው ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ባልዲው ስር ጨርቅ ያንጥፉ፣ አለበለዚያ የሚቆጥሩት ከወለሉ ጋር ተጋጭቶ የተሰበረውን ነው።
2. በትልቅ ድስት ውሃውን ከቀዝቃዛው በ30 ዲግሪ እስኪበልጥ ያሙቁ። ብርጭቆዎቹን ገና ውሃው ሳይሞቅ ያስገቡና አብረው ይሙቁ፤ የተፈለገው ሙቀት ከደረሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያቆዩ።
3. አንድ በአንድ አውጥተው ውሃውን አፍስሰው በ5 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛው ውስጥ ይንከሩ። ሲዘገዩ አየሩ ያቀዘቅዘዋል፣ ብርጭቆው ከእውነቱ የበረታ ይመስላል። ሠላሳ ሰከንድ ያቆዩ።
4. አድርቀው ወደ መብራት ያዩ። ፀጉር የምታክል መስመር ስንጥቅ ናት፤ እንደ ስብራት ይቁጠሯት።
5. የተረፉትን በ5 ዲግሪ ጨምረው ይድገሙ፣ ስንቱ በየትኛው ልዩነት እንደተሰበረ እየጻፉ።

ለሥራ የሚይዙት ገደብ የመጀመሪያው ከተሰበረበት ልዩነት ስድስት አሥረኛው ነው። አማካዩን አይያዙ፣ ምክንያቱም ካፌው የሚያጣው ደካማውን ብርጭቆ ነው። ያን ያህል የሚቀነሰውም ብርጭቆ እርጥብ ሆኖ ሲወጠር ውሃው የጭረቱን ጫፍ ቀስ በቀስ ስለሚበላው ነው። መቶ ጊዜ ችሎ በመቶ አንደኛው የሚሰነጠቀው አዲስ ነገር ስለተደረገበት ሳይሆን ጭረቱ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስላደገ ነው።

በአዲስ አበባ የፈላ ውሃ ልዩነቱ ከ77 አያልፍም፤ በረዶ ቢጨመር 90 ይደርሳል። ቦሮሲሊኬት ወይም የተጠናከረ ብርጭቆ በዚህ ሙከራ ላይሰበር ይችላል፤ ያ ማለት ገደቡ ከ77 በላይ ነው ማለት እንጂ ገደብ የለውም ማለት አይደለም።

የተሰበረውን ከመጣልዎ በፊት ስንጥቁን ይመልከቱ። በሙቀት የተሰነጠቀ ብዙ ጊዜ እየተጠማዘዘ የሚሄድ አንድ ለስላሳ መስመር ነው፣ ቅርንጫፉ ጥቂት ነው። የተመታ ከሆነ ከአንድ ነጥብ እንደ ኮከብ የሚወጡ መስመሮች ይታያሉ። መስመሩን ወደ መነሻው ቢከተሉት ጭረቱን ያገኙታል፤ ጥልቀቱን ለስሌቱ የሚሰጥዎት እሱ ነው።

ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ሲጣበቅ

የጠርሙስ ስብርባሪ በምድጃ አቅልጠው ጌጥ ወይም ሳህን ለሚሠሩ ሌላ ጣጣ አለ። እዚህ ሁሉም ነገር እኩል ቀዝቅዞም ብርጭቆው ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም ሁለቱ የሚሰበሰቡበት መጠን አንድ አይደለም። ስሌቱ ያው ነው፣ በαΔT ቦታ የሁለቱን α ልዩነት ብርጭቆው ከደነደነበት ሙቀት እስከ ክፍሉ ሙቀት በወረደበት ዲግሪ ያባዙታል። ሶዳ ላይም 510 ዲግሪ አካባቢ ይደነድናል፤ እስከ 20 ሲወርድ 500 ገደማ ይበሉት። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ውጥረቱን ለሁለት ይካፈሉታል፦

```
σ = E · Δα · 500 / (2 (1 − ν))
```

የለስላሳ ጠርሙስ ላይ የላቦራቶሪ ቦሮሲሊኬት ቢያጣብቁ የα ልዩነቱ 5.7 በሚሊዮን ነው፤ ውጥረቱ 128 ሜጋ ፓስካል ይወጣል። ይህ ከምድጃው ሳይወጣ ይሰነጠቃል፣ ምንም ያህል ቀስ ብለው ቢያቀዘቅዙት። የሚወጠረው ብዙ የሚሰበሰበው ሶዳ ላይሙ ነው። ሁለት የተለያዩ ጠርሙሶች ልዩነታቸው 0.3 በሚሊዮን ብቻ ከሆነ ግን 7 ሜጋ ፓስካል አይሞላም፣ ይቆማል።

የቆመው ግን ዕዳ አለበት፤ ያ 7 ከጥንካሬው ላይ አስቀድሞ ተቀንሷል። 38 የነበረው 31 ቀርቷል፣ በ0.81 ሲካፈል 47 የነበረው ልዩነት ወደ 38 ወርዷል። ስለዚህ ትልቁን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ከሁለቱ ጠርሙሶች አንድ አንድ ሴንቲሜትር ቁራጭ ግልጽ መስታወት ላይ አቅልጠው፣ አቀዝቅዘው፣ በስክሪኑና በመነጽሩ መካከል ይያዙት። በቁራጩ ዙሪያ ነጭ ክብ ብርሃን ካዩ ከመስታወቱ ጋር አይስማማም። ክቡ ደብዛዛ ከሆነ ቁራጩን ለአንድ ሳምንት አስቀምጠው ዳግም ይዩት፤ አንዳንዱ ስንጥቅ ቀናት ቆይቶ ነው የሚወጣው።